የጠፋው ለውጥ፦ በገንዘብ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ውስጥ የሚደበቅ ስሕተትና ማረሚያው



የሒሳብ ሥራ በእጅ ይሠራ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ደንበኛ በሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ አንድ የሒሳብ ካርድ ነበረው። ደንበኛው ገንዘብ ሊያስገባ ወይም ሊያወጣ በመጣ ጊዜ ጸሐፊው ካርዱን ከሣጥኑ ያወጣል፤ ቀሪውን ያነባል፤ ይደምራል ወይም ይቀንሳል፤ አዲሱን ቀሪ ጽፎ ካርዱን ወደ ቦታው ይመልሳል። በዚያው ሰዓት ሌላ ጸሐፊ ያንኑ ካርድ ቢፈልግ በሣጥኑ ውስጥ አያገኘውም፤ ካርዱ በባልደረባው እጅ ነውና እስኪመለስ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። አንድ ወረቀት በአንድ ጊዜ በሁለት ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ስለማይችል፥ ይህ ጥበቃ በመመሪያ ባይጻፍም እንኳ ይከበር ነበር።

ኮምፒዩተር ካርዱን በተካ ጊዜ ይህ ጥበቃ አብሮ ቀረ። በመረጃ ቋት ውስጥ የተመዘገበን አንድ ቀሪ ሒሳብ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ቅጽበት ሊያነቡት ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያይም፤ ሁለቱም በእጃቸው ያለው ቁጥር ትክክለኛው ነው ብለው ይቀጥላሉ። ከዚህ የሚወለደው ስሕተት በሙያው ቋንቋ «የጠፋ ለውጥ» ይባላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ስሕተቱ በገንዘብ ማስተላለፍ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ ማሳየት፥ ከዚያም ከተለያዩት መድኃኒቶች የትኛው በእርግጥ እንደሚፈውስና የትኛው የሚፈውስ መስሎ እንደሚያሳስት መግለጥ ነው።

ምሳሌው

አንድ የቁጠባና የብድር ማኅበር ይታሰብ። ማኅበሩ የአባላቱን ሒሳብ በመረጃ ቋት ይይዛል። ከአባላቱ አንዱ ቁጥሩ 17 የሆነ ሒሳብ ያለው የጅምላ ነጋዴ ነው፤ ቀሪው 10,000 ብር ነው። የሒሳብ ቁጥር 42 ባለቤት እቃ የሚያቀርብለት ሰው ሲሆን ቀሪው 1,000 ብር ነው። የሒሳብ ቁጥር 58 ባለቤት ደግሞ ከነጋዴው በዱቤ የገዛ ቸርቻሪ ነው፤ ቀሪው 5,000 ብር ነው። የሦስቱ ድምር 16,000 ብር ይሆናል። በመካከላቸው የሚደረግ ማናቸውም ማስተላለፍ ይህን ድምር ሊጨምርም ሊቀንስም አይገባም።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። አንደኛው ነጋዴው ለአቅራቢው 3,000 ብር እንዲተላለፍ የሰጠው ነው። ሁለተኛው ቸርቻሪው ለነጋዴው 2,000 ብር እንዲከፈል የሰጠው ነው። እንግዲህ ሁለቱ ከተፈጸሙ በኋላ በነጋዴው ሒሳብ 9,000፥ በአቅራቢው 4,000፥ በቸርቻሪው 3,000 ብር መገኘት አለበት።

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሥራውን የነደፈው የካርዱን ዘመን ጸሐፊ በመከተል ነው፦ ማንበብ፥ ማስላት፥ መጻፍ። የነጋዴውን ሒሳብ የሚመለከተው የአንደኛው ትእዛዝ ክፍል ይህን ይመስላል፦

```
BEGIN;
SELECT balance FROM accounts WHERE id = 17;
-- 10000 - 3000 = 7000
UPDATE accounts SET balance = 7000 WHERE id = 17;
COMMIT;
```

ሥራው በ`BEGIN` እና በ`COMMIT` መካከል ስለታቀፈ አንድ ትራንዛክሽን ሆኗል። ስለዚህ በመሐል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ወይ ሁሉም ይፈጸማል፥ ወይ አንዳችም አይፈጸምም። ብዙ ፕሮግራመሮች ይህን ካረጋገጡ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሁለቱ ትእዛዞች በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢደራረቡ የሚሆነውን መመልከት ይገባል።

የአንደኛው ትእዛዝ ፕሮግራም የነጋዴውን ቀሪ ያነባል፤ 10,000 ያገኛል። እርሱ ሳይጽፍ የሁለተኛው ትእዛዝ ፕሮግራም ያንኑ ቀሪ ያነባል፤ እርሱም 10,000 ያገኛል። አንደኛው 3,000 ቀንሶ 7,000 ይጽፋል፤ ሥራውንም ያጸድቃል። ሁለተኛው በእጁ በያዘው በአሮጌው ቁጥር ላይ 2,000 ደምሮ 12,000 ይጽፋል፤ ያጸድቃልም። የ7,000ው ጽሑፍ በ12,000 ተሸፍኖ ጠፋ። አቅራቢው 3,000 ብሩን ተቀብሏል፤ ከነጋዴው ሒሳብ ግን አልተቀነሰም። የሦስቱ ሒሳብ ድምር 12,000፥ 4,000ና 3,000 ተደምሮ 19,000 ብር ሆነ። ከየትም ያልመጣ 3,000 ብር ተፈጠረ ማለት ነው።

የመጻፉ ተራ ቢገለበጥ ጉዳቱም ይገለበጣል። ሁለተኛው አስቀድሞ 12,000 ጽፎ አንደኛው በመጨረሻ 7,000 ቢጽፍ፥ ነጋዴው ከቸርቻሪው የተከፈለውን 2,000 ብር ያጣል፤ ድምሩም 14,000 ይሆናል። በመጀመሪያው አኳኋን የሚጎዳው ማኅበሩ ነው፤ በሁለተኛው የሚጎዳው አባሉ ነው። በሁለቱም ጊዜ ኮምፒዩተሩ የስሕተት ማስታወቂያ አያወጣም። ቀሪ ሒሳብ ከዜሮ በታች እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ በሠንጠረዡ ላይ ተደንግጎ ቢሆን እንኳ አይረዳም፤ 12,000ም ሆነ 7,000 በራሳቸው ሕጋዊ ቁጥሮች ናቸውና።

ቁልፉ ለምን አላዳነም?

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የመረጃ ቋቱ ሥርዓት አንድ ረድፍ ሲጻፍ ረድፉን ይቆልፍ የለምን? በእርግጥ ይቆልፋል። አንደኛው ትእዛዝ 7,000 ከጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪያጸድቅ ድረስ የሒሳብ ቁጥር 17 ረድፍ በእርሱ ቁልፍ ሥር ነው። ሁለተኛው ለመጻፍ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ቆሞም ይጠብቃል። አንደኛው አጽድቆ ሲወጣ በሩ ይከፈታል፤ ሁለተኛውም ገብቶ 12,000 ይጽፋል።

ስለሆነም ቁልፉ አልጠፋም፤ የመጣው ዘግይቶ ነው። በካርዱ ዘመን ጸሐፊው ካርዱን የሚይዘው ከማንበቡ በፊት ነበር። በዚህ ፕሮግራም ግን ሁለቱ «ጸሐፊዎች» ቀሪውን በብጣሽ ወረቀት ገልብጠው ሄደው፥ ካርዱን የሚሻሙት ውጤቱን ሊጽፉ ሲመጡ ነው። ተራ መጠበቃቸው ብጣሹ ላይ ያለውን አሮጌ ቁጥር አያድሰውም። የስሕተቱ ሥር ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የሚገለጡት መድኃኒቶች ሁሉ የሚመዘኑትም በዚሁ ነው፦ ከንባቡ እስከ ጽሕፈቱ ያለውን ክፍተት ይዘጋሉ ወይስ አይዘጉም?

የደረጃዎቹ ስምና ግብራቸው

ስሕተቱ ሲታወቅ በመጀመሪያ የሚሰነዘረው ሐሳብ «የመነጠል ደረጃውን ከፍ ማድረግ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኤስኪውኤል ደረጃ መዳቢ ሰነድ ትራንዛክሽኖች እርስ በርስ የሚነጠሉባቸውን አራት ደረጃዎች ደንግጓል። እነዚህም ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው `READ UNCOMMITTED`፥ `READ COMMITTED`፥ `REPEATABLE READ` እና `SERIALIZABLE` ናቸው። ሰነዱ ደረጃዎቹን የለየው በሦስት የንባብ እንከኖች ነው፦ ያልጸደቀን ጽሑፍ ማንበብ፥ አንዱን ረድፍ ሁለት ጊዜ አንብቦ የተለያየ ዋጋ ማግኘት፥ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠይቆ አዲስ ረድፍ ማግኘት። የጠፋ ለውጥ ከሦስቱ መካከል በስሙ አልተጠቀሰም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሃል በረንሰን፥ ፊል በርንስታይን፥ ጂም ግሬይና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት የትችት ጽሑፍ ይህን ጉድለት አሳይተዋል፤ የጠፋ ለውጥንም ራሱን እንደቻለ እንከን ቈጥረውታል።

ይህ ታሪክ የሚነሣው በሥራ ላይ ስላለው ውጤት ነው። የደረጃዎቹ ስም በሁሉም ሥርዓት አንድ ዓይነት ሲሆን፥ ከጠፋ ለውጥ የሚሰጡት ጥበቃ ግን እንደ ሠሪው ይለያያል። በሰፊው የሚሠራባቸውን ሁለት ሥርዓቶች፥ ፖስትግሬስንና በኢኖዲቢ የሚሠራውን ማይኤስኪውኤልን፥ ማነጻጸር በቂ ማስረጃ ነው።

ፖስትግሬስ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚሠራው በ`READ COMMITTED` ነው። በዚህ ደረጃ ከላይ የተገለጠው ጥፋት ልክ እንደተገለጠው ይደርሳል። ደረጃው ወደ `REPEATABLE READ` ከፍ ሲል ግን ሁኔታው ይለወጣል። እያንዳንዱ ትራንዛክሽን የመጀመሪያ ጥያቄውን ባቀረበበት ቅጽበት የነበረውን የመረጃ ይዞታ ብቻ ያያል። ሁለተኛው ትእዛዝ ሊጽፍ መጥቶ ከጠበቀ በኋላ፥ ያነበበው ረድፍ በሌላ ተለውጦ እንደጸደቀ ሥርዓቱ ይገነዘባል፤ መጻፉንም ይከለክለዋል። በመስኮቱ ላይ የሚነበበው ይህ ነው፦

```
ERROR:  could not serialize access due to concurrent update
```

የስሕተቱ መለያ ቁጥር 40001 ነው። 12,000 አልተጻፈም፤ የአንደኛው 7,000 እንዳለ ነው። ሆኖም የሁለተኛው ትእዛዝ ሥራ አልተፈጸመም፤ ፕሮግራሙ ትራንዛክሽኑን ሰርዞ ከመጀመሪያው፥ ማለትም ከንባቡ ጀምሮ፥ እንደገና መሞከር አለበት። በድጋሚ ሲሞክር 7,000 ያነብባል፤ 2,000 ደምሮም 9,000 ይጽፋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች መጻፉን ብቻ ይደግማሉ፤ ይህ ግን አሮጌውን ብጣሽ ወረቀት ይዞ መመለስ ስለሆነ ፋይዳ የለውም።

ማይኤስኪውኤል በበኩሉ ሌላ ካልታዘዘ የሚሠራው ከመነሻው በ`REPEATABLE READ` ነው። ስሙን ብቻ የተመለከተ ሰው ጥበቃው አስቀድሞ የተሟላ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን እዚህ ተራ ንባብ የሚያየው የቀድሞውን ቅጽበት ይዞታ ሲሆን፥ ጽሕፈት የሚያርፈው በአዲሱ ረድፍ ላይ ነው። ሥርዓቱም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አይጠይቅም። ሁለተኛው ትእዛዝ ከጠበቀ በኋላ 12,000 ይጽፋል፤ አንድ ረድፍ በሚገባ እንደተለወጠ ይነገረዋል፤ ለውጡም በጸጥታ ይጠፋል። በፖስትግሬስ ተሞክሮ ደኅና የነበረ ፕሮግራም ወደዚህ ሥርዓት ቢዛወር፥ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ገንዘብ ያጠፋል ማለት ነው።

በማይኤስኪውኤል ደረጃው ወደ `SERIALIZABLE` ቢነሣ፥ በትራንዛክሽን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ተራ ንባብ የጋራ ቁልፍ ይይዛል። ሁለቱ ትእዛዞች ረድፉን አብረው ያነብባሉ፤ ሁለቱም የጋራውን ቁልፍ ይይዛሉ። ለመጻፍ ሲፈልጉ ግን እያንዳንዱ የሌላውን መልቀቅ ይጠብቃል። ይህ እርስ በርስ መቆላለፍ ነው። ሥርዓቱ ያስተውለዋል፤ አንዱንም በስሕተት ቁጥር 1213 ይሰርዘዋል። ገንዘቡ ይድናል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚከፍልበት ሒሳብ ላይ መሰረዝና መድገም የዘወትር ሥራ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የደረጃውን ስም አይቶ መተማመን እንደማይገባ ነው። መጠየቅ የሚገባው «ይህ ሥርዓት፥ በዚህ ደረጃ፥ ያነበብኩት ረድፍ ከኋላዬ ቢለወጥ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ነው።

ሁለቱ ቀጥተኛ መድኃኒቶች

ለገንዘብ ማስተላለፍ ሥራ ግን ደረጃውን ሳይነኩ፥ በሁለቱም ሥርዓቶች የሚሠሩ ሁለት መድኃኒቶች አሉ።

የመጀመሪያው ስሌቱን ለመረጃ ቋቱ መተው ነው። ፕሮግራሙ አንብቦ፥ አስልቶ፥ ውጤቱን ከሚጽፍ ይልቅ፥ «ካለው ላይ ይህን ያህል ቀንስ» ብሎ ያዛል፦

```
UPDATE accounts SET balance = balance - 3000
WHERE id = 17 AND balance >= 3000;
```

በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት የለም። ሥርዓቱ ረድፉን ቆልፎ፥ በቁልፉ ሥር ያለውን የመጨረሻውን ቀሪ አንብቦ፥ ቀንሶ ይጽፋል። የቸርቻሪው 2,000 ብርም `balance = balance + 2000` ተብሎ ሲታዘዝ፥ ተራ ጠብቆ የሚያገኘው 7,000 ስለሆነ ውጤቱ 9,000 ይሆናል። የጽሕፈቱ ተራ ቢገለበጥም ውጤቱ ያው ነው። የ`balance >= 3000` ቅድመ ሁኔታ ቀሪው የሚበቃ መሆኑን በዚያው ቅጽበት ያረጋግጣል። ነገር ግን ቀሪው ባይበቃ ሥርዓቱ ስሕተት ብሎ አይጮኽም፤ ዜሮ ረድፍ ተለወጠ ብሎ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የተለወጡትን ረድፎች ብዛት መቁጠር አለበት፤ አንድ ካልሆነ ትራንዛክሽኑን በሙሉ ይሰርዛል። ይህ ካልተደረገ ከላኪው ሳይቀነስ ለተቀባዩ ይደመራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በፖስትግሬስ ይህ ትእዛዝ በ`REPEATABLE READ` ከተሰጠ፥ ረድፉ በሌላ ከተለወጠ እዚያም 40001 ይመጣል። ስለዚህ ይህ መድኃኒት ያለ ድካም የሚሠራው በ`READ COMMITTED` ነው። ዝቅተኛው ደረጃ ትክክለኛ አጻጻፍ ሲጨመርበት ለዚህ ሥራ በቂ ይሆናል።

ሁለተኛው መድኃኒት ውሳኔው በአንድ የመቀነስ ትእዛዝ ሊገለጥ በማይችልበት ጊዜ የሚያገለግል ነው። ለምሳሌ ያህል የአገልግሎት ክፍያው እንደ ቀሪው መጠን የሚለያይ፥ ወይም የዕለቱ የማስተላለፊያ ጣሪያ የሚመረመር ቢሆን፥ ፕሮግራሙ ቀሪውን ማየት ግድ ይለዋል። በዚህ ጊዜ ካርዱን ከሣጥኑ ማውጣት፥ ይኸውም ረድፉን ከንባቡ ጀምሮ መቆለፍ ያስፈልጋል፦

```
SELECT balance FROM accounts WHERE id = 17 FOR UPDATE;
SELECT balance FROM accounts WHERE id = 42 FOR UPDATE;
```

አንደኛው ትእዛዝ ይህን ካለ በኋላ፥ ሁለተኛውም በ`FOR UPDATE` ሊያነብ ሲመጣ ገና በንባቡ ይቆማል። በሩ ሲከፈትለት የሚያነበው 10,000ን ሳይሆን 7,000ን ነው።

ከላይ ባሉት ሁለት መስመሮች 17 ከ42 የቀደመው በአጋጣሚ አይደለም። አንድ ትእዛዝ ከ17 ወደ 42፥ ሌላው ከ42 ወደ 17 የሚያስተላልፍ ቢሆንና እያንዳንዱ ላኪውን አስቀድሞ ቢቆልፍ፥ አንዱ 17ን ይዞ 42ን፥ ሌላው 42ን ይዞ 17ን ይጠብቃል። ሁለቱም መንቀሳቀስ አይችሉም። የማስተላለፉ አቅጣጫ ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ ትንሹ የሒሳብ ቁጥር አስቀድሞ እንዲቆለፍ ቢወሰን ይህ መቆላለፍ አይፈጠርም። ይኸው ሕግ ለመጀመሪያው መድኃኒትም ይሠራል፤ እዚያም ሁለት ረድፎች በተከታታይ ይቆለፋሉና።

ቁልፉ ለአጭር ጊዜ የሚያዝ ነው። የማኅበሩ ሠራተኛ ቀሪውን በመስኮት ከፍቶ፥ ሻይ ጠጥቶ ተመልሶ «አስቀምጥ» የሚለውን በሚጫንበት ሥራ ረድፉን ቆልፎ ማቆየት የሌሎችን ሥራ ያስቆማል። ለእንዲህ ያለው ሥራ በሠንጠረዡ ላይ የዕትም ቁጥር ይጨመራል። ሲነበብ ቁጥሩ 8 ከነበረ፥ ሲጻፍ «ቁጥሩ አሁንም 8 ከሆነ ጻፍ፤ 9ም አድርገው» ተብሎ ይታዘዛል። ዜሮ ረድፍ ከተለወጠ ሌላ ሰው ቀድሟል ማለት ነው፤ ሠራተኛውም አዲሱን ቀሪ አይቶ እንደገና ይወስናል።

መድኃኒቱ የማይሠራባቸው ቦታዎች

ትክክለኛው ትእዛዝ ከተጻፈ በኋላም ስሕተቱ የሚመለስባቸው ሦስት በሮች አሉ።

አንደኛው ንባቡ ከትራንዛክሽኑ ውጭ ሲቀር ነው። ፕሮግራሙ `BEGIN` ከማለቱ በፊት ቀሪውን አንብቦ ከሆነ፥ ያ ንባብ ለብቻው የጸደቀ ሌላ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ደረጃው `SERIALIZABLE` ቢሆንም ሥርዓቱ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛው በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አስቀድሞ በተራ ንባብ የተያዘ ቁጥር ነው። በማይኤስኪውኤል በተራ ንባብ 10,000 ያየ ፕሮግራም፥ ቆይቶ በ`FOR UPDATE` ሲጠይቅ 7,000 ሊያገኝ ይችላል። ስሌቱ የተሠራው በመጀመሪያው ቁጥር ከሆነ ቁልፉ በከንቱ ተያዘ። ስለዚህ ለስሌት የሚያገለግለው በቁልፍ ሥር የተነበበው ብቻ ነው።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚዘነጋው፥ ሌላ ፕሮግራም ነው። በ`FOR UPDATE` የተያዘ ረድፍ ተራ ንባብን አይከለክልም፤ ስምምነቱ የሚጸናው ሒሳቡን የሚጽፉ ሁሉ ሲያከብሩት ነው። በወሩ መጨረሻ ወለድ የሚያስገባ የቆየ ፕሮግራም የነጋዴውን 10,000 በተራ ንባብ ወስዶ፥ 50 ብር ወለድ ደምሮ 10,050 ሊጽፍ ሲሰናዳ፥ በመካከሉ የ3,000 ብሩ ማስተላለፍ በሚገባ ተቆልፎ በሚገባ ቢፈጸም፥ የወለዱ ፕሮግራም 10,050 ጽፎ ያጠፋዋል። ስለሆነም የማስተላለፊያውን ፕሮግራም ብቻ አርሞ መቀመጥ አይበቃም፤ `SET balance =` የሚል መስመር በተገኘበት ሁሉ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ ያለው ከየት እንደመጣ መመርመር ያስፈልጋል።

ስሕተቱ እንዴት ይታወቃል?

ይህ ስሕተት በተለመደው ፍተሻ አይገኝም። አንድ ሰው ተቀምጦ ማስተላለፎችን አንድ በአንድ ቢሞክር፥ መቶ ጊዜ ቢደግመውም ሁሉም ትክክል ይወጣል፤ ስሕተቱ የሚያሻው ሁለት ሥራዎች በጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ መደራረባቸውን ነው። ለዚህም ነው በጸጥተኛ ሒሳቦች ላይ ሳይታይ፥ ብዙ ሰው በሚከፍልበትና በደመወዝ ቀን በሚጨናነቅ ሒሳብ ላይ የሚገለጠው።

ፍተሻው በሁለት መስኮት የሚደረግ ነው። በመጀመሪያው መስኮት ትራንዛክሽን ተከፍቶ ቀሪው ይነበባል፤ ሳይዘጋ በሁለተኛው መስኮት እንዲሁ ይደረጋል። ከዚያ በመጀመሪያው 7,000፥ በሁለተኛው 12,000 ይጻፋል። ሁለተኛው መስኮት ይቆማል። በመጀመሪያው `COMMIT` ሲባል ሁለተኛው ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው `UPDATE 1` ብሎ ካለፈ ጥበቃ የለም፤ በስሕተት ማስታወቂያ ከቆመ ጥበቃ አለ። ፕሮግራሙን ራሱን ለመፈተን ደግሞ በንባቡና በጽሕፈቱ መካከል ለጊዜው የአሥር ሰከንድ መዘግየት ማስገባት ይቻላል፤ የጠበበው ክፍተት ሲሰፋ የተደበቀው ስሕተት ወደ ብርሃን ይወጣል።

ጥፋቱ አስቀድሞ ደርሶ ከሆነም አሻራ አለው። በደንብ በተነደፈ ሥርዓት እያንዳንዱ ማስተላለፍ ከቀሪው ሌላ በእንቅስቃሴ መዝገብ ላይ አንድ ረድፍ ይጨምራል። መጨመር አንዱን በሌላው ላይ ስለማይጽፍ፥ ቀሪው በጠፋበት ጊዜ እንኳ መዝገቡ ሁለቱንም ይዞ ይገኛል። የመክፈቻው ቀሪ በመዝገቡ ላይ እንደ አንድ እንቅስቃሴ ተጽፎ ከሆነ፥ የሚከተለው ጥያቄ የተዛቡትን ሒሳቦች ይለያል፦

```
SELECT a.id, a.balance, SUM(e.amount)
FROM accounts a JOIN entries e ON e.account_id = a.id
GROUP BY a.id, a.balance
HAVING a.balance <> SUM(e.amount);
```

በምሳሌው የሒሳብ ቁጥር 17 ቀሪ 12,000፥ የመዝገቡ ድምር 9,000 ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱ 3,000 ነው፤ ይህም ከተላለፉት ገንዘቦች የአንዱ ልክ ነው። የልዩነቱ መጠን በዚያው ሒሳብ ላይ በዚያው ቅጽበት ከተመዘገበ ሌላ እንቅስቃሴ ጋር እኩል መሆኑ የጠፋ ለውጥ ዋና ምልክት ነው።

ይህ ጥያቄ በየምሽቱ ቢቀርብ ከገንዘቡም በላይ የሰው ስም ያድናል። በምሳሌው ማኅበር የ3,000 ብሩ ጉድለት የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲታረቅ ነው እንበል። ነጋዴው ትርፉን 3,000 ብር ሳያውቅ አውጥቶታል። ኮምፒዩተሩ አንድም ስሕተት ስላላስታወቀ ጥርጣሬው በቅድሚያ የሚያርፈው በዚያ ቀን በመስኮቱ በነበረችው ገንዘብ ከፋይ ላይ ነው። እርሷ በሰጠችውና በተቀበለችው ደረሰኝ ሁሉ ንጹሕ ብትሆንም፥ የራሷን ንጽሕና በቀሪ ሒሳቡ ማስረዳት አትችልም፤ ቀሪው የሚያሳየው የመጨረሻውን ጸሐፊ ቁጥር ብቻ ነውና። የሚያስረዳላት የእንቅስቃሴ መዝገቡ ነው፤ በአንድ ቅጽበት የተመዘገቡ ሁለት እንቅስቃሴዎች፥ ከእነርሱም አንዱ በቀሪው ላይ የሌለ።

ማጠቃለያ

በአጭሩ ለገንዘብ ማስተላለፊያ ሥራ የሚመከረው ይህ ነው። ስሌቱ በአንድ ትእዛዝ ሊገለጥ ከቻለ ለመረጃ ቋቱ ይተው፤ የተለወጡት ረድፎችም ይቆጠሩ። ቀሪውን ማየት ግድ ከሆነ ረድፎቹ በ`FOR UPDATE`፥ ከትንሹ የሒሳብ ቁጥር ጀምሮ፥ በትራንዛክሽኑ ውስጥና ከማናቸውም ንባብ በፊት ይቆለፉ። በሁለቱም ጊዜ `READ COMMITTED` ይበቃል። ከፍተኛውን ደረጃ መሻት የሚያስፈልገው ውሳኔው ፕሮግራሙ በማይጽፋቸው ሌሎች ረድፎች ላይ ሲመሠረት ነው፤ ለምሳሌ ባልና ሚስት ያሏቸው ሁለት ሒሳቦች ድምር ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ሲፈለግና ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ከየራሳቸው ሒሳብ ሲያወጡ። እዚህ ማንም የማንንም ረድፍ ስለማይጽፍ የፖስትግሬስ `REPEATABLE READ` አይደርስበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በ9.1 ዕትም የተሟላው `SERIALIZABLE` ግን ይደርስበታል። በዚህም ጊዜ በ40001 የተሰረዘውን ሥራ ከንባቡ ጀምሮ የሚደግም ክፍል በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ መኖር አለበት።

የቀድሞው ጸሐፊ ካርዱን ከማንበቡ በፊት በእጁ ይይዘው ነበር፤ ጽፎ ሳይጨርስም አይለቀውም። ዛሬ በመረጃ ቋት ላይ ለሚሠራ ፕሮግራም የሚያስፈልገውም ሥርዓት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ በራሱ ያስከብረው የነበረውን አሁን ፕሮግራመሩ በጽሑፍ ማዘዝ ያለበት መሆኑ ነው።